ግብረ መልስ ከግምገማ በምን ይለያል? በአንድ የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ሥልጠና የሚታይ ማብራሪያ

«ግብረ መልስ አለኝ» ሲባል ብዙ ሠራተኛ ቀድሞ የሚታየው ስብሰባ ነው። ስሙ ይጠራል፣ ጉድለቱ ይዘረዘራል፣ እሱም በመጨረሻ «ሂሱን ተቀብያለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ከደርግ ዘመን የውይይት ክበብ «ሂስና ግለ ሂስ» ጀምሮ ከዚያም በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ እስከ ቀጠለው ግምገማ ድረስ የኖረ ልማድ ስለሆነ እንዲህ ቢታሰብ አያስገርምም። ነገር ግን ግብረ መልስ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ሲናገርም ሲሰማም ይሳሳታል።

ይህ ማብራሪያ ልዩነቱን የሚያሳየው አንድ ሥልጠና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደሚሄድ በመከተል ነው። ሥልጠናው ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የተዘጋጀው በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በባሶና ወራናም ሆነ በአንጎለላና ጠራ በኩል እንደሚታዩት ላሉ የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ሠራተኞች ነው። የወተት ሥራ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት የተሠራ ስሕተት ከምሳ በፊት ስለሚታይ፣ ማን ምን እንዳደረገና ምን እንዳስከተለ በግምት ሳይሆን በመዝገብ መነጋገር ይቻላል።

ግብረ መልስ ማለት ምን ማለት ነው?

እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱን አሟሽታ የመጀመሪያውን ሊጥ ታፈሳለች። ዓይን ካላወጣ እሳቱ እንዳነሰ ታውቃለች፤ ሁለተኛውን ከማፍሰሷ በፊት እንጨት ትጨምራለች። እንጀራው ስለ እሳቱ ነገራት፣ እሷም እሳቱን አስተካከለች። ግብረ መልስ ይኸው ነው፤ አንድ ሥራ ምን እንዳስከተለ ለሠራው ሰው ነግሮ ቀጣዩን እንዲያስተካክል ማስቻል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። መልእክቱ የመጣው ሞሶቡ ከሞላ በኋላ ሳይሆን በመጀመሪያው እንጀራ ነው። የተናገረውም ስለ እሳቱ እንጂ ስለ ጋጋሪዋ ባለሙያነት አይደለም። ሦስተኛ፣ ወዲያው ሊደረግ የሚችል ነገር ነበር፤ እንጨት መጨመር።

ግምገማ ወይም የሥራ አፈጻጸም ምዘና ግን የስድስት ወር ወይም የዓመት ሥራ ተደምሮ ነጥብ የሚሰጥበት ነው። በጽሑፍ ይቀመጣል፣ ከእድገትና ከደመወዝ ጋር ይያያዛል። አስፈላጊ ነው፤ ግን እሳት አያስተካክልም። በዚያ ቀን የሚነገር ጉድለት አራት ወር ያለፈው ከሆነ፣ ሠራተኛው የሚያስበው ስለ ጉድለቱ ሳይሆን «ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» ብሎ ነው።

ይህ ልዩነት የአነጋገር ለዛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አቭራሃም ክሉገርና አንጄሎ ዴኒሲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. በግብረ መልስ ላይ ከተካሄዱ ጥናቶች 607 ውጤቶችን ሰብስበው አመዛዝነዋል። በአማካይ ግብረ መልስ ሥራን አሻሽሏል። ነገር ግን ከሦስት አንድ በሚበልጡት ላይ ሥራው ከበፊቱ ወርዶ ተገኝቷል። የእነሱ ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ ንግግሩ የሰሚውን ሐሳብ ከሥራው አንሥቶ ወደ ራሱ ማንነት በወሰደው መጠን ጥቅሙ ይቀንሳል። «ይህ ማሰሮ አልተመረመረም» ሲባል ሰው ስለ ማሰሮው ያስባል። «አንተ ግድ የለህም» ሲባል ስለ ክብሩ ያስባል፤ ክብሩን ሲከላከል ደግሞ ማሰሮው ይረሳል።

ለልምምድ የሚቀርበው ጉዳይ ምንድን ነው?

ጉዳዩ ለሥልጠናው የተዘጋጀ ነው። በእውነት የተፈጸመ ወይም የማንም ሰው ታሪክ አይደለም።

ሐሙስ ጠዋት ነው። ጣቢያው ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ወተት ይቀበላል። ተረካቢዋ በዕድሜ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው፣ በቦታው ከአሥር ዓመት በላይ የሠሩ ሴት ናቸው። የፈረቃ ኃላፊው ከኮሌጅ የወጣ፣ ጣቢያውን ከያዘ ገና አምስት ወር የሆነው ወጣት ነው። እሱ «እትዬ» ይላቸዋል፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉታል።

እያንዳንዱ ማሰሮ ከመራገፉ በፊት ሁለት ምርመራ ይደረግለታል። አንዱ በላክቶሜትር ነው፤ ወተቱ ላይ ውሃ መጨመሩን ይጠቁማል። ሁለተኛው የአልኮል ምርመራ ነው፤ ሁለት ሚሊ ሊትር ወተት ከእኩል መጠን አልኮል ጋር በትንሽ ብልቃጥ ይደባለቃል። ወተቱ ከተቆራረጠና ቅንጣት ከያዘ መኮምጠጥ ጀምሯል፣ ፋብሪካ ሲደርስም ሙቀት አይችልም ማለት ነው። ላክቶሜትር ይህን አያሳይም። በደጋው ብርድ ምክንያት የማታው ወተት ሳይበላሽ ያድራል ብለው ከጠዋቱ ጋር ቀላቅለው የሚያመጡ አርቢዎች ስላሉ፣ የሚያሳስተው ብዙ ጊዜ የአልኮሉ ምርመራ የሚይዘው ዓይነት ወተት ነው።

በዚያ ሐሙስ ሰልፉ ረዝሟል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ሦስት ማሰሮዎች በላክቶሜትር ብቻ ታይተው ወደ ማቀዝቀዣው ታንክ ተራገፉ። መዝገቡ ላይ በሦስቱ ረድፍ የአልኮሉ ሳጥን ባዶ ነው። 4 ሰዓት ላይ ወተቱን ሊጭን የመጣው መኪና ሠራተኛ ከታንኩ ናሙና ወስዶ በአልኮል ሲያየው ተቆራረጠ። በታንኩ የነበረው 400 ሊትር ሳይጫን ቀረ።

ኃላፊው አሁን ሊናገራቸው ይገባል። እንዴት ይናገር?

ዝም ብሎ መናገር ለምን አይበቃም?

በእኛ አካባቢ በተለይ ሁለት ዓይነት አነጋገር ተደጋግሞ ይታያል። ሁለቱም ከክፋት የሚመጡ ሳይሆኑ ከይሉኝታ ነው።

የመጀመሪያው አሽሙር ነው። ኃላፊው ታላቁን ሰው ፊት ለፊት መናገር ይከብደውና በሰኞ ስብሰባ «አንዳንድ ሰዎች ምርመራ እየዘለሉ የአርቢውን ላብ እያፈሰሱ ነው» ይላል። ሁሉም ማን እንደተባለ ያውቃል። ተረካቢዋ መልስ እንዳይሰጡ ስማቸው አልተጠራም፤ እንዳይተዉት ደግሞ ሰው ሁሉ አያቸው። ሰምና ወርቅ በቅኔ ያማረ ነው፣ በሥራ ቦታ ግን ወርቁን ሁሉም በየፊናው ይፈታዋል። አንዷ «ስለ ሦስቱ ማሰሮ ነው» ስትል ሌላው «ሊያስነሣት ፈልጎ ነው» ይላል።

ሁለተኛው በምስጋና መጠቅለል ነው። «እትዬ፣ እርስዎ እኮ የጣቢያው እናት ነዎት። እንደ እርስዎ ያለ ሠራተኛ የለም። ግን ምርመራው ላይ ትንሽ ብንጠነቀቅ። ለማንኛውም እናከብርዎታለን።» ይህን የሰማ ሰው ከሁለት አንዱን ይዞ ይሄዳል። ወይ ምስጋናውን ብቻ ይሰማል፣ ችግር እንዳለ አይገባውም። ወይ «ግን» የሚለውን ብቻ ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ምስጋና በተሰጠው ቁጥር የሚከተለውን ይጠብቃል። «ትንሽ ብንጠነቀቅ» የሚለውም ነገ ጠዋት በእጅ የሚሠራ ነገር አይደለም። ስንት ማሰሮ? የትኛው ምርመራ? ማን?

ምስጋና መተው አለበት ማለት አይደለም። በራሱ ቀን፣ በራሱ ጉዳይ፣ ልክ እንደ ጉድለቱ በዝርዝር ይነገር ማለት ነው። «ማክሰኞ ውሃ የገባበትን ማሰሮ ስትመልሱ አርቢው ሳይቆጣ የሄደው ላክቶሜትሩን ራሱ እንዲያነብ ስላደረጋችሁ ነው» የሚል ምስጋና ሰውየው ደግሞ እንዲያደርገው ያስተምረዋል። «ጎበዝ ነህ» ግን ምን እንደተወደደ አይናገርም።

በደንብ ሲነገር ምን ይመስላል?

ንግግሩ አራት ክፍል አለው፦ መቼና የት፣ ምን ተደረገ፣ ምን አስከተለ፣ ከዚያ ጥያቄ። አሠልጣኙ ይህን በቃል ብቻ አያስረዳም። ሁለት ሰው አስነሥቶ ቀጥሎ ያለውን ንግግር ድምፅ ከፍ አድርገው እንዲያነቡት ያደርጋል። ቦታው ሰልፉ ከተበተነ በኋላ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ሁለቱም ተቀምጠው ነው።

ኃላፊው፦ «እትዬ፣ ስለ ጠዋቱ ርክክብ አሥር ደቂቃ ላነጋግርዎት ፈልጌ ነበር። አሁን ይመችዎታል ወይስ ከምሳ በኋላ?»

ተረካቢዋ፦ «አሁን ይሁን።»

ኃላፊው፦ «ዛሬ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ከተረከብናቸው ውስጥ ሦስት ማሰሮዎች ላይ የአልኮሉ ምርመራ አልተመዘገበም። መዝገቡ ይኸው። 4 ሰዓት ላይ ታንኩ በአልኮል ሲታይ ተቆራርጦ 400 ሊትሩ አልተጫነም። በዚያ ሰዓት ምን ነበር የሆነው?»

ከዚህ ጥያቄ በኋላ ኃላፊው ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ከንግግሩ ሁሉ ይከብዳል። አብዛኛው ሰው ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ «ማለቴ፣ አውቃለሁ ሥራ በዝቶብዎታል» ብሎ ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። ያኔ እውነተኛው ምክንያት ሳይወጣ ይቀራል።

ተረካቢዋ፦ «ልጁን ባንክ ላክኸው አይደል? ብቻዬን ነበርኩ። መዝኜ፣ መዝግቤ፣ መርምሬ ልዘልቀው አልቻልኩም። ሰው ይጮሃል። ላክቶሜትሩ ደኅና ነው ያለውን አሳለፍኩ።»

እዚህ ላይ ነገሩ ተለወጠ። ረዳቱን በርክክብ ሰዓት የላከው ራሱ ኃላፊው ነው። ጥያቄውን ባይጠይቅ ኖሮ ጉድለቱ በሙሉ በተረካቢዋ ላይ ይወድቅ ነበር፣ የሚቀጥለው ሐሙስ ረዳቱ ሲላክም እንደገና ይደርስ ነበር።

ኃላፊው፦ «እውነት ነው፣ እኔ ነኝ የላክሁት። ይህን አላሰብኩትም። ከነገ ጀምሮ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ረዳቱን የትም አልልከውም። እርስዎስ ብቻዎን የሚሆኑበት ቀን ቢያጋጥም ምን ቢደረግ ይሻላል ይላሉ?»

ተረካቢዋ፦ «ሰልፉን አቆማለሁ። ሳልመረምር ግን አላራግፍም። ሲጮሁብኝ አንተ ወጥተህ ተናገራቸው።»

ኃላፊው፦ «እወጣለሁ። ስለዚህ ያለ አልኮል ምርመራ ምንም ማሰሮ አይራገፍም፤ ሰልፉ ሲቆም ይጠሩኛል። የሚቀጥለው ሐሙስ መዝገቡን አብረን እንየው።»

ንግግሩ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ልብ ሊባል የሚገባው «ቸልተኛ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «በፍጹም» የሚሉ ቃላት አንዴም አለመምጣታቸው ነው። የተነገረው ሁሉ መዝገቡ የሚመሰክረው ነው። አንድ ቀላል ማጣሪያ አለ፦ የምትናገሩትን ፎቶግራፍ ማንሣት ወይም ከመዝገብ ማሳየት ትችላላችሁ? ባዶ ሳጥን ይታያል። ግድየለሽነት ግን አይታይም፤ እሱ የእናንተ ትርጓሜ ነው።

በዕድሜ ታላቅ ለሆነ ሰው እንዴት ይነገራል?

ሠልጣኞች ሁልጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ ነው፣ ተገቢም ነው። «እርስዎ» ወይም በገጠሩ አነጋገር «አንቱ»፣ እንዲሁም «እትዬ»፣ «ጋሼ» ከግብረ መልሱ ጋር አይጋጩም። ክብሩ የሚገለጸው በአጠራሩ፣ ቦታ በመምረጥና ፈቃድ በመጠየቅ ነው። ጉዳዩን በማድበስበስ አይገለጽም። ሦስቱን ማሰሮ «አንዳንድ ነገር» ብሎ ማለፍ አክብሮት ይመስላል፣ ሆኖም ታላቁን ሰው ነገሩ ሳይገባው ለሁለተኛ ስሕተት ያጋልጠዋል።

አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በተለምዶ «እርስዎ» የሚላቸውን ሰው ኃላፊው በዚያ ቀን በንዴት «አንቺ» ካላቸው፣ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ አይሰማም። ሠራተኛዋ ቤታቸው ይዘው የሚሄዱት ያችን ቃል ነው።

የሚሰማው ሰውስ ምን ያድርግ?

ግብረ መልስ ሲሰጡን ፊታችን ይግላል፣ መልሱ ከአፋችን ሊወጣ ይቸኩላል። የምንሰማውን የሚዘጉብን ሦስት ሐሳቦች ናቸው። አንደኛው «ልክ አይደለም» ነው። ሁለተኛው «አንተ ማነህና ነው የምትናገረኝ?» ነው፤ ነገሩን ትተን ተናጋሪውን እንመዝናለን። ሦስተኛው በልብ ውስጥ የሚቀረው ነው፦ «ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እንዲህ ተባልኩ።» የትኛው እንደያዘን ለይተን ማወቅ ከቻልን ግማሹ መንገድ ተሄደ። በተለይ ሁለተኛው ሲሆን፣ ተናጋሪው ያልወደድነው ሰው ስለሆነ ብቻ የማሰሮው ጉዳይ ውሸት እንደማይሆን ለራስ ማሳሰብ ይጠቅማል።

ከዚያ በተግባር የሚደረገው ይህ ነው። ተናጋሪው እስኪጨርስ መስማት። የሰሙትን በራስ ቃል መልሶ መናገር፦ «ሦስት ማሰሮ ሳይመረመር ታንክ ገባ ነው ያልከኝ?» ግልጽ ካልሆነ አንድ ምሳሌ መጠየቅ። ከዚያ መልስ መስጠት። መልሱ የግድ «ልክ ነህ» መሆን የለበትም። «ሁለቱን አምናለሁ፣ ሦስተኛውን ግን መርምሬዋለሁ፣ መጻፍ ነው የረሳሁት» ማለት ይቻላል። የተናደደ ሰው ደግሞ «አሁን ተናድጃለሁ፣ ነገ ጠዋት ከርክክብ በፊት እንነጋገር» ቢል ነውር የለበትም፤ ሰዓቱን ቆርጦ እስከተናገረ ድረስ።

ተናጋሪው በበኩሉ ከሁሉም በላይ «እሺ» የምትለውን ቃል መጠንቀቅ አለበት። «እሺ» «ተስማምቻለሁ» ሊሆን ይችላል፤ «ሰምቻለሁ» ወይም «ይብቃህ፣ ልሂድበት» ሊሆንም ይችላል። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ሌላ «እሺ» ብቻ ያመጣል። «ነገ ጠዋት መጀመሪያ ምን እናደርጋለን?» ብሎ መጠየቅ ግን መልሱ በእርግጥ እንደገባ ያሳያል።

ልምምዱ እንዴት ይካሄዳል?

ሠልጣኞች ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፦ ተናጋሪ፣ ተቀባይና ታዛቢ። ዘጠኝ ሰው ካለ ሦስት ቡድን ይሆናል። በመጀመሪያው ዙር እውነተኛ አለቃና የእሱ ሠራተኛ በአንድ ቡድን አይደረጉም፤ ልምምዱ የቆየ ቁርሾ ማውጫ እንዳይሆን ነው። እያንዳንዱ ንግግር አራት ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ውይይት ሦስት ደቂቃ ነው። ቦታ እየተለዋወጡ ሦስቱም በሦስቱም ቦታ ያልፋሉ፤ አንድ ዙር ከግማሽ ሰዓት በታች ያልቃል።

አሠልጣኙ ለመጀመር እንዲህ ይላል፦

«ካርዳችሁን አንብቡ። ለጎረቤታችሁ አታሳዩ። ተናጋሪዎች፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ ፈቃድ መጠየቂያ ይሁን። ሁለተኛው ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሆነውን ይያዝ። ሦስተኛው ያስከተለውን። አራተኛው ጥያቄ ነው። ከጥያቄው በኋላ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ አትናገሩ። ተቀባዮች፣ ካልተጠየቃችሁ ምክንያታችሁን አትግለጡ። ጀምሩ።»

የተናጋሪው ካርድ ከላይ ያለውን የጠዋት ታሪክ ብቻ ይዟል። የተቀባዩ ካርድ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር አለ፦ «ረዳትህ በኃላፊው ትእዛዝ ባንክ ሄዶ ነበር። ካልተጠየቅህ አትናገር።» የልምምዱ ቁልፍ ይህ የተደበቀ መስመር ነው። ተናጋሪው ጠይቆ ከታገሠ ይወጣል፣ ካልጠየቀ ተደብቆ ይቀራል። ታዛቢው ፈራጅ አይደለም፤ ሦስት ነገር ብቻ ይቆጥራል፦ ሰውየውን እንጂ ሥራውን ያልነኩ ቃላት ስንት እንደነበሩ፣ ከጥያቄው በኋላ ዝምታው ስንት ሰከንድ እንደቆየ፣ የተደበቀው መስመር መውጣት አለመውጣቱን።

አራት ደቂቃው ሲሞላ አሠልጣኙ፦

«ቁሙ። አሁን መጀመሪያ የሚናገረው ተቀባዩ ነው። የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ጆሮህ ተዘጋ? የትኛው ላይ ተከፈተ? ቀጥሎ ታዛቢ፣ የቆጠርከውን ብቻ ንገረን፣ አስተያየት አትጨምር። ተናጋሪ፣ አንዷን ዓረፍተ ነገር መርጠህ እንደገና በላት።»

ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር እንደገና መናገር ከረጅም ውይይት ይልቅ ያስተምራል፤ ሰው የተሻለውን አነጋገር በገዛ አፉ አውጥቶ ይሄዳልና።

በሁለተኛው ዙር የተቀባዩ ካርድ ይለወጣል። አሠልጣኙ ለተቀባዮች ብቻ ጠጋ ብሎ፦ «ጥያቄው እንደተጠየቅህ ተቆጣ። ‹አንተ ገና ትናንት የመጣህ! እኔ ወተት ስቀበል አንተ ትምህርት ቤት ነበርክ› በል። ከዚያ ዝም በል።» የተናጋሪው ፈተና ወደ ኋላ አለመሸሽና አለመቆጣት ነው። የሚረዳው አነጋገር አጭር ነው፦ «እውነት ነው፣ በሥራው ይበልጡኛል። ስለዚህም ነው ምን እንደሆነ ከእርስዎ መስማት የምፈልገው።» ቁጣውን ሳይቃወም፣ ጉዳዩንም ሳይተው ወደ ሦስቱ ማሰሮ ይመለሳል።

በሦስተኛው ዙር አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ተረካቢዋ ለኃላፊው ይናገራሉ። ካርዱ እንዲህ ይላል፦ «ዓርብ ጠዋት ኃላፊው አርቢዎች ፊት ጮኾ ተናገረህ።» ወደ ላይ የሚነገር ግብረ መልስ አደጋ አለበት፤ ስለዚህ ፈቃዱና ቦታው ይበልጥ ይጠበቃሉ፣ የሚጠየቀውም ነገር ትንሽና ግልጽ ይሆናል፦ «ዓርብ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ‹ፈጠን በሉ!› ብለህ በሰው ፊት ስትናገረኝ ከኋላዬ የቆሙት አርቢዎችም በእኔ ላይ መጮህ ጀመሩ። ሌላ ጊዜ ወደ ውስጥ ብትጠራኝ ይሻላል። ይቻላል?»

በሥልጠናው ላይ ምን ይበላሻል?

ብዙውን ጊዜ ልምምዱ ወደ ቲያትር ይዞራል። አንዱ ተቆጪ መስሎ ያስቃል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ የሚማር የለም። መፍትሔው ሠልጣኞችን በመድረክ አለማቆም ነው፤ ሦስቱም በራሳቸው ጥግ፣ ተመልካች ሳይኖራቸው ይነጋገሩ። ሁለተኛው ብልሽት ሰዎች በካርዱ ፋንታ የራሳቸውን እውነተኛ ጠብ ማምጣታቸው ነው። አሠልጣኙ «ቁሙ፣ ወደ ካርዱ ተመለሱ» ብሎ በቀጥታ ሊያቋርጥ ይገባል። ሦስተኛው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዙር ከተራዘመ ሦስተኛው ይቀራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሠራተኛው ለአለቃው የሚናገርበት፣ በሌላ ቀን ዕድል የማያገኝበት ነው። ሰዓቱ ካነሰ ሁለተኛው ይታጠፍ።

ግብረ መልስ የማይበቃበት ጊዜስ?

ተረካቢው ከአርቢ ጋር ተስማምቶ ሊትር ቢጨምር ወይም አንድ ሰው የሥራ ባልደረባውን ቢያስፈራራ፣ ጉዳዩ ለአሥር ደቂቃ ንግግር አይደለም፤ ማስረጃ ተይዞ በዲሲፕሊን ሥርዓት ይሄዳል። ሥልጠናውም ይህን ሳይደባብስ መናገር አለበት፤ አለዚያ ሠልጣኙ ከባድ ጥፋትን ሁሉ በለሰለሰ ንግግር ማለፍ የተፈቀደ ይመስለዋል።

ለአዲስ ሠራተኛ ደግሞ ጊዜው ጠባብ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በ58ኛው ቀን «ሥራው አልተመቸንም» የተባለ ሰው እሳቱን የሚያስተካክልበት ዕድል አልተሰጠውም። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ ጉዳይ እየተነሣ ቢነገረው የመጨረሻው ውሳኔ ማንንም አያስደነግጥም።

ከንግግሩ በኋላ ምን ይደረጋል?

ቀጣዩ ሐሙስ ሲመጣ ኃላፊው ቀጠሮውን ማክበር አለበት። መዝገቡን ከተረካቢዋ ጋር አብሮ ያያል። ሁሉም ሳጥን ሞልቶ ከሆነ እንደዚያው በዝርዝር ይናገራል፦ «እትዬ፣ ዛሬ 41 ማሰሮ ገብቷል፣ አርባ አንዱም በአልኮል ታይቷል። ሁለቱ ተመልሰዋል። ታንኩ ተጭኗል።» አንድ ሳጥን ባዶ ከሆነ ደግሞ ያው ንግግር እንደገና ይጀመራል፤ ነገር ግን ጥያቄው ይለወጣል፦ «ባለፈው ከተስማማነው ውስጥ የቱ አልሠራ አለ?» ኃላፊው ረዳቱን እንደገና ልኮት ከሆነ፣ ያን ቀን መጀመሪያ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው።